የአዲስ ቻናል የመጀመሪያዎቹ ዘጠና ቀናት

ዩቲዩብ ላይ አዲስ ቻናል የሚከፍት ሰው ብዙውን ጊዜ «በሦስት ወር ውስጥ 1,000 ሰብስክራይበር» የሚል ግብ ይዞ ይነሳል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ዩቲዩብ የሚጠይቀው 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የታየ 4,000 ሰዓት ነው፤ በሰዓቱ ፋንታ በ90 ቀን ውስጥ የተገኘ 10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታም ይቀበላል። ሰብስክራይበሩን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ቁጭ ብሎ ሰዓቱን የሚያሰላው ግን ጥቂት ነው። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ተመልካች በአማካይ 4 ደቂቃ ቢቆይ 60,000 እይታ ያስፈልጋል። በሦስት ወር 12 ቪዲዮ የለቀቀ ሰው ይህን ለማግኘት እያንዳንዱ ቪዲዮ 5,000 ጊዜ ሊታይለት ይገባል። ማንም በማያውቀው ቻናል ላይ ይህን ጠብቆ የተነሳ ሰው በአርባኛው ቀን ላይ ቢያቆም አይገርምም። ያቆመው ሥራው ከፍቶበት ሳይሆን መለኪያው ከእጁ ውጭ ስለነበረ ነው።

ስለዚህ የዘጠና ቀን ዕቅድ ሲወጣ በእጃችን ያለውንና በእጃችን የሌለውን መለየት ይቀድማል። ስንት ቪዲዮ እንደምንለቅ የምንወስነው እኛ ነን። በየወሩ የትኛውን ሙያ እንደምንማርም እንዲሁ። ስንት ሰው እንደሚያይ ግን አንወስንም፤ የሚታየውን ቁጥር አንብበን ቀጣዩን ሥራ ማስተካከል ብቻ ነው የምንችለው። ስለዚህ ዕቅዱ የሚለቀቁ ቪዲዮዎች ብዛት፣ የሚማሩት ነገር እና ቁጥር የሚነበብባቸው የግምገማ ቀናት ይኖሩታል። በዚህ ረገድ የእኛ አቆጣጠር ምቹ ነው። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስላላቸው ዘጠና ቀን ልክ ሦስት ወር ይሆናል፤ መስከረም 1 የጀመረ ኅዳር 30 ይጨርሳል፣ የግምገማ ቀናቱም በየወሩ 30ኛው ቀን ላይ ይውላሉ።

ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት የምትሠራ ሴት አለች እንበል። ማታ ማታና እሑድ ጊዜ አላት። የምታስተምረው ኤክሴል ነው፤ ግን ኤክሴልን በጠቅላላው ሳይሆን ለሱቅ ባለቤቶች፦ የዕለት ሽያጭ አመዘጋገብ፣ የዱቤ መዝገብ፣ ሊያልቅ የደረሰ ዕቃ በቀይ እንዲታይ ማድረግ፣ 15 በመቶ ቫትን ከጠቅላላው ዋጋ ውስጥ ለይቶ ማውጣት። ቻናሉን ከመክፈቷ በፊት የ12 ቪዲዮዎችን ርዕስ በወረቀት ጻፈች። ይህ ቀላል ፈተና ቢመስልም ብዙ ሐሳቦችን ያጣራል። ሰባተኛው ላይ ርዕስ ያለቀበት ሰው ጉዳዩ ጠቦበታል፤ አርባ ርዕስ ያለ ምንም ችግር የመጣለት ሰው ደግሞ ለማን እንደሚናገር ገና አልወሰነም።

ልክ በ12 እንዲቆም ያደረገችው በሳምንት አንድ ቪዲዮ መልቀቅ ስለምትችል ነው። ዘጠና ቀን ከ12 ሳምንት ትንሽ ይበልጣል። ሰባት ደቂቃ የሚሆን ትምህርት ለማዘጋጀት የምትናገረውን መጻፍ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምታሳየውን መቅረጽ፣ ማቀናበር፣ ርዕስና ተምኔል ማውጣት አለባት፤ ለጀማሪ ይህ ሁሉ አራት ወይም አምስት ምሽት ይወስዳል። በሳምንት ሦስት እለቃለሁ ብላ ብትጀምር በሦስተኛው ሳምንት ላይ ወይ ሥራው ይበላሻል ወይ እንቅልፏ ያልቃል። እኔ እንደማየው የሳምንት አንዱ ፍጥነት በሙሉ ቀን ሥራ ላይ ላለ ሰው ልኩ ነው። ከዚህ ዝቅ ካለ ደግሞ በዘጠና ቀን ውስጥ የሚነበብ በቂ ነገር አይገኝም፤ ሦስት ቪዲዮ ስለ ቻናሉ ምንም አይናገርም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቪዲዮዎች ግን ቻናሉ ከመከፈቱ በፊት ተሠርተው መቀመጥ አለባቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይወድቃል፣ ልጅ ይታመማል፣ የመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ መዝጊያ ይደርሳል። ሦስት የተዘጋጀ ቪዲዮ ያለው ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይሠራ ቢያልፍም ተመልካቹ አያውቅበትም። የዳታ ጉዳይም አለ። ዩቲዩብ ለ1080 ጥራት የሚመክረው መጠን በሰከንድ ወደ 8 ሜጋቢት ነው፤ በዚህ ልክ ሰባት ደቂቃ ወደ 420 ሜጋባይት ይመጣል። በ720 ጥራት ቢሆን ወደ 260 ይወርዳል፤ ነገር ግን ኤክሴል ላይ ያሉ ትንንሽ ቁጥሮች በ1080 ነው ጠርተው የሚታዩት። ስለዚህ ባለሙያዋ ቅዳሜ የሚወጣውን ቪዲዮ ሐሙስ ሌሊት ኔትወርኩ ሲቀልል ትጭንና የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት ትሞላለታለች። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ቪዲዮ እንደተጫነ ዩቲዩብ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ዝቅተኛ ጥራት ያለውን ቅጂ ነው፤ ጥርት ያለው በኋላ ይመጣል። እንደተጫነ ወዲያው የለቀቀ ሰው የመጀመሪያ ተመልካቾቹን ብዥ ባለ ሥዕል ይቀበላል።

የመጀመሪያው ወር የትምህርት ግብ ድምፅና የሚነበብ ስክሪን ብቻ ነው። ሌላ ነገር አይጨመርበትም። ሰው ደብዘዝ ያለ ሥዕልን ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ ወይም የራቀ ድምፅን ግን አይታገሥም። ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል፣ ጠዋት ጎረቤት ሳይነሳ መቅረጽ ይበቃል። ስክሪኑን በተመለከተ ደግሞ የእኛ ተመልካች አብዛኛው በስልክ እንደሚያይ መርሳት አይገባም። ኮምፒውተር ላይ በ100 በመቶ የሚታይ ሠንጠረዥ ስልክ ላይ የጉንዳን መንገድ ይመስላል። ወደ 180 ወይም 200 በመቶ ማጉላትና በአንድ ጊዜ አምስት ያህል ዓምድ ብቻ ማሳየት ይገባል። ባለሙያዋ የወሩን ሽያጭ መደመር ስታስተምር የምትጽፈው ይህን ነው፦

```
=SUM(B2:B31)
```

ከሁለተኛው እስከ ሠላሳ አንደኛው ረድፍ ሠላሳ ቀን ነው፤ አንድ ወር። ቀመሩን በስልኳ ከፍታ፣ ስልኩን ክንዷን ዘርግታ ይዛ ማንበብ ከቻለች የስክሪኑን ፈተና አልፋለች። የድምፁን ፈተና ደግሞ ያለ ማዳመጫ፣ በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ፣ ሰው በሚያወራበት ክፍል ውስጥ በመስማት ታልፋለች። የትምህርት ግብ እንዲህ «ተማርኩ» ወይም «አልተማርኩም» የሚባልበት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል፤ «ቪዲዮ ማቀናበር ላሻሽል» ብሎ መጻፍ ግብ አይሆንም።

በመጀመሪያው ግምገማ፣ መስከረም 30 ላይ፣ አራት ቪዲዮዎች ወጥተዋል። በምሳሌያችን ጠቅላላ እይታው 310 ነው እንበል። ይህን ቁጥር አይታ ማዘንም መደሰትም የለባትም፤ መጀመሪያ ማየት ያለባት ተመልካቹ ከየት እንደመጣ ነው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ የተመልካች ምንጭ የሚያሳየውን ክፍል ስትከፍት ከ310ሩ 190ው ከውጭ የመጣ ነው፤ ይኸውም ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ለዘመድና ለሥራ ባልደረባ ስለላከች ነው። እነዚህ ሰዎች የመጡት እሷን ስለሚወዱ እንጂ ኤክሴል ስለቸገራቸው አይደለም። ከፍተው አርባ ሰከንድ ያዩና ይወጣሉ። ስለዚህ ንባቡን ያዛቡባታል፤ ለግምገማ የሚጠቅሙት የቀሩት 120ዎቹ ናቸው።

ከእነዚያ ውስጥ ደግሞ አንድ ቪዲዮ ተለይቶ ወጣ። ርዕሱ «ኤክሴል ጥቅምት 30ን ለምን አይቀበልም?» የሚል ነው። ኤክሴል የተጻፈለትን ቀን የሚያነበው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። አንድ ነጋዴ 30/2/2017 ብሎ ሲጽፍ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ፕሮግራሙ እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ከዚያ በቀን ቅደም ተከተል ደርድር ሲባል ዝብርቅርቁ ይወጣል። በምሳሌያችን የዚህ ቪዲዮ ተመልካች ከግማሽ በላይ የመጣው ከዩቲዩብ ፍለጋ ነው፤ በአማካይም 4 ደቂቃ ቆይቷል። «የኤክሴል መግቢያ ክፍል አንድ» የተባለው ግን ሁለት ደቂቃ እንኳ አልያዘም። ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንደኛው አንድ ሰው እጁ ላይ የገጠመው፣ በራሱ አፍ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሁለተኛው አስተማሪዋ በአእምሮዋ የሠራችው የትምህርት ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው ግምገማ ውሳኔ ከዚህ ይወጣል፦ በሁለተኛው ወር ከአራቱ ቪዲዮዎች ሦስቱ ሱቅ ውስጥ በትክክል ለሚጠየቅ ጥያቄ መልስ ይሆናሉ። ሌላ ምንም አይለወጥም።

«ሌላ ምንም» የምለው አስረግጬ ነው። በግምገማ ቀን የቻናሉን ስም፣ አርማውን፣ የቪዲዮውን ርዝመትና የሚለቀቅበትን ቀን በአንድ ላይ የቀየረ ሰው በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ቢወጣም ቢወርድም ምክንያቱን አያውቅም። በአንድ ግምገማ አንድ ለውጥ ብቻ።

የሁለተኛው ወር ትምህርት የመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ናቸው። ስቱዲዮ ለእያንዳንዱ ቪዲዮ ተመልካቹ የት እንደወጣ በመስመር ያሳያል፤ መስመሩ እስኪወጣ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። በተለይ ሠላሳኛው ሰከንድ ላይ ከመቶ ስንቱ እንደቀረ ለብቻው ይነግራል። በምሳሌያችን መጀመሪያ የወጡት ቪዲዮዎች እዚያ ላይ 48 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የያዙት። መስመሩ ወደታች የሚወርድበትን ቦታ ከቪዲዮው ጋር ጎን ለጎን አድርጋ ስትመለከት የምትናገረው ይህ ነው፦ «ውድ የቻናላችን ተከታታዮች እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ወደ ዛሬው ዝግጅታችን ከመግባታችን በፊት ለቻናሉ አዲስ የሆናችሁ ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር ማድረግ እንዳትረሱ፣ የደወሏንም ምልክት...»። ይህ አነጋገር ከብዙ የአማርኛ ቻናሎች የተወረሰ ነው። ሰላምታው ጨዋነት ነው፤ እኔም እንዲቀር አልፈልግም። ነገር ግን ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ቆሞበት መልስ የሚፈልግ ሰው ሃያ አምስት ሰከንድ አይጠብቅም። «ሰላም ጤና ይስጥልኝ» በቂ ነው፤ ከዚያ ወዲያው የተበላሸው ሠንጠረዥ ይታያል፣ ቀጥሎም ሲስተካከል የሚሆነው ይታያል፣ ትምህርቱ ይጀምራል። ሰብስክራይብ አድርጉ የሚባለው ሰውየው ችግሩ ከተፈታለት በኋላ ቢሆን የበለጠ ይሰማል።

ሁለተኛው ግምገማ ጥቅምት 30 ላይ ነው። የሠላሳኛው ሰከንድ ቁጥር ከ48 ወደ 63 ከፍ ብሏል እንበል፤ ትምህርቱ ሠርቷል ማለት ነው። አሁን የሚነበበው ስቱዲዮ ላይ Impressions click-through rate ተብሎ የተጻፈው ነው፤ ተምኔሉ ከታያቸው መቶ ሰዎች ስንቱ እንደነካው የሚናገር ቁጥር ነው። ዩቲዩብ ራሱ እንደሚገልጸው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሾቹ ከ2 እስከ 10 በመቶ ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። የእሷ 2.4 ነው፤ ወደ ታችኛው ጫፍ ቀርቧል። ይህን ከ63ቱ ጋር አያይዞ ማንበብ ነው ዋናው። የገባው ሰው ይቆያል፤ በሩ ላይ ያለው ግን አይገባም። እንግዲያውስ ጉድለቱ ትምህርቱ ላይ ሳይሆን ተምኔሉና ርዕሱ ላይ ነው። ተቃራኒው ቢሆን፣ ማለትም ብዙ ሰው ገብቶ ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ቢወጣ፣ ተምኔሉ ውስጥ የሌለ ነገር ቃል ገብቷል ማለት ነው። ተምኔሉ ጨርሶ ለጥቂት ሰው ብቻ ታይቶ ከሆነ ደግሞ አስተያየት ለመስጠት ጊዜው ገና ነው። 60 ጊዜ ብቻ ታይቶ ሦስት ሰው ቢነካው 5 በመቶ ይላል፤ አንድ ሰው ቢጨመርበት ወደ 7 ገደማ ይዘላል። እንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ምንም መወሰን አይቻልም።

ተምኔሎቿን በስልክ ስታያቸው እያንዳንዳቸው ዘጠኝና አሥር ቃላት ተጽፎባቸዋል፤ ከሥር የራሷ ፎቶ፣ ከጎን የኤክሴል አርማ፣ ከበስተጀርባ ሠንጠረዥ። የሚነበብ የለም። ውሳኔው በሦስት ቪዲዮዎች ላይ ተምኔሉን ብቻ መቀየር ነው፦ አንድ ጎልቶ የወጣ የተበላሸ ቁጥርና ከአራት ያልበለጡ ቃላት። ርዕሱ አይነካም። ለውጡን ለማንበብ ሁለት ሳምንት ትጠብቃለች። ለመለያ የሚጻፉት ታጎች ላይ ግን ምሽቷን እንዳታጠፋ እመክራለሁ፤ ዩቲዩብ ራሱ ታጎች የሚጫወቱት ሚና አነስተኛ እንደሆነ ተናግሯል።

ሁለተኛው ወር ላይ ብዙዎችን የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ። «ሰብስክራይብ አድርጊኝ፣ ላድርግሽ» የሚሉ የቴሌግራምና የፌስቡክ ግሩፖች ይጋብዛሉ። ይህ የዩቲዩብ ደንብ በግልጽ የሚከለክለው ነው። ቅጣቱን ትተን እንኳ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ሦስት መቶ ቪዲዮዎቿን የማያይ ሰብስክራይበር የሰበሰበች ሴት አዲስ ቪዲዮ ስትለቅ ለእነሱ ይቀርባል፣ እነሱም ያልፉታል፣ ከዚያ በኋላ የምታነበው ቁጥር ሁሉ ስለ ቪዲዮዋ ምንም አይነግራትም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ዩቲዩብ ቪዲዮን ለሰው ሲያቀርብ ከጠቅታ ብዛት ይልቅ የታየበትን ጊዜ ማስቀደም ጀምሯል። ሳያይ የሚነካ ሰው ለማንም አይጠቅምም። ዘፈን ከበስተጀርባ ማስገባትም እንዲሁ ነው፤ የባለመብቱ ሥራ በራሱ በሲስተሙ ይለያል፣ ገቢው ለእሱ ሊሄድ ወይም ቪዲዮው ሊታገድ ይችላል። ስቱዲዮ ውስጥ በነጻ የሚወሰድ ሙዚቃ አለ፤ ለትምህርት ቪዲዮ ደግሞ ዝምታውም ይበቃል።

ሦስተኛው ወር የሚማሩት አንዱን ቪዲዮ ከሌላው ማያያዝ ነው። ስለ ዱቤ መዝገብ የመጣ ሰው ቀጥሎ ምን ይቸግረዋል? ያልከፈለውን ደንበኛ ለይቶ ማውጣት። ስለዚህ የመጀመሪያው ቪዲዮ ሲያልቅ የመጨረሻዎቹ ሃያ ሰከንዶች ላይ ሁለተኛውን የሚያሳይ ሣጥን ይቀመጣል፤ ዩቲዩብ ለዚህ ከ5 እስከ 20 ሰከንድ ይፈቅዳል። ባለሙያዋም በአፏ «ይህን ከሠራችሁ በኋላ የሚገጥማችሁ ይህ ነው» ብላ ትሸኛለች። ሾርትስ መሞከር ካማራት በዚህ ወር ትሞክር። ግን ከሾርትስ መመልከቻ የሚመጣው ጊዜ በ4,000ው ሰዓት ውስጥ እንደማይቆጠር አውቃ ትግባ።

ኅዳር 30 የውሳኔ ቀን ነው። የውሳኔው መለኪያ ግን መስከረም 1 ላይ መጻፍ አለበት፤ በዘጠናኛው ቀን የሚወጣ መለኪያ በዚያ ዕለት ስሜት የተሠራ ይሆናል። ባለሙያዋ የጻፈችው ሦስት ነገር ነው። ከ12ቱ ቢያንስ 10 ወጥተዋል ወይ? ከሦስተኛው ወር እይታ ከግማሽ በላዩ የመጣው እሷ ሊንክ ካልላከችላቸው ሰዎች ነው ወይ? የመጨረሻዎቹ አራት ቪዲዮዎች በሠላሳኛው ሰከንድ ላይ ከመጀመሪያዎቹ አራት የበለጠ ሰው ይዘዋል ወይ? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ሌላ ዘጠና ቀን ትቀጥላለች። የወጡት ቪዲዮዎች ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ከሆኑ የወደቀው ፍጥነቱ እንጂ ቻናሉ አይደለም፤ በሁለት ሳምንት አንድ ብላ በአዲስ ዕቅድ ትጀምር። ሁሉም ወጥተው እንግዳ ሰው ካልመጣ ርዕሰ ጉዳዩን ወይም የምታናግረውን ሰው ትቀይር።

በምሳሌያችን ዘጠናው ቀን ሲያልቅ 3,400 እይታ አለ፣ በአማካይ ሦስት ደቂቃ፤ ሲሰላ 170 ሰዓት ነው። ከ4,000ው አንጻር ትንሽ ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን አዎ ተብለው ተመልሰዋል፤ ስለዚህ ትቀጥላለች።

መልሱ «ይቁም» ለሆነባችሁም አንድ ቃል አለኝ፦ ቪዲዮዎቹን አታጥፉ፣ ለግል ብቻም አታድርጓቸው። የጠፋ ወይም የተደበቀ ቪዲዮ ሰዓት ለማስታወቂያው መስፈርት አይቆጠርም፤ ካጠፋችሁት ደግሞ በሌላ ዓመት ብትመለሱም ያንን ቪዲዮ እንደገና ከባዶ ነው የምትጀምሩት። የጥቅምት 30 ጥያቄ ያለበት ነጋዴ ደግሞ በሚቀጥለውም ዓመት ያንኑ ጥያቄ ይፈልጋል።